ኤቲኤም ብር ሲያጎድል፣ ካርድም ሲውጥ

ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ መቆሚያ የለውም። ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ዳርና ዳር ያሉት የሀገር ባህል ልብስ መደብሮች ነጠላውንና ቀሚሱን እስከ ደጃፍ ሰቅለው ይውላሉ። ሸማኔው የሳምንት ሥራውን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ሒሳቡንም በእጁ ካልተቀበለ አይሄድም። የበዓል ሰሞን ዱቤ እንደማይወደድ የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ሲያልቅበት፣ የባንኩም መስኮት ሲዘጋ፣ ያለው አማራጭ በአቅራቢያው ያገኘው ኤቲኤም ነው። ጥያቄው የሚመጣው ማሽኑ የተጠየቀውን ሳይሆን የፈለገውን ሲከፍል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። አንዲት የልብስ ነጋዴ አካውንታቸው ካለበት ባንክ ማሽን ዘንድ ረጅም ሰልፍ ስላዩ፣ ጥቂት እርምጃ አልፎ ወዳለው የሌላ ባንክ ማሽን ይሄዳሉ። ብር 6,000 ያዛሉ። ማሽኑ ይቆጥራል፣ ይንገጫገጫል፣ ጥቂት ይቆይና ብር ያወጣል። ነጋዴዋ ሲቆጥሩት 4,800 ብቻ ሆኖ ያገኙታል። ወዲያው በስልካቸው የደረሰው መልእክት ግን ከሒሳባቸው ብር 6,000 እና የአገልግሎት ክፍያ ወጪ መሆኑን ይናገራል። የጎደለው ብር 1,200 የአንድ ሸማኔ ሒሳብ ነው።

አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። አንደኛው ካርዱን መልሶ አስገብቶ የጎደለውን 1,200 እንደገና ማዘዝ ነው። ሁለተኛው የማሽኑ ባለቤት የሆነው ባንክ ቅርንጫፍ ገብቶ ወይም ጥበቃውን ይዞ መሟገት ነው። የመጀመሪያው ስህተት ማስረጃውን ያደበላልቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡን ሊመልስ ከማይችል ሰው ጋር ጊዜ ያባክናል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የማሽኑን ሆድ ዕቃ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል።

በማሽኑ ውስጥ

ኤቲኤም ብሩን የሚያስቀምጠው ካሴት በሚባሉ ሳጥኖች ነው። አንዱ ካሴት ባለ 200፣ ሌላው ባለ 100 ኖት ይይዛል። ትእዛዝ ሲደርሰው ኖቶቹን አንድ በአንድ ከካሴቱ እየሳበ ውፍረታቸውን በመለኪያ ያልፋል። ሁለት ኖት ተጣብቆ ከመጣ፣ ወይም ኖቱ ከታጠፈና ከተቀደደ፣ ለደንበኛው አይሰጠውም፤ ውድቅ ኖቶች ወደሚጠራቀሙበት ሌላ ሳጥን ይጥለውና በምትኩ ሌላ ይስባል። ደንበኛው የሚሰማው ተደጋጋሚ የመቁጠር ድምፅ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ቆጠራው ሲሞላ ኖቶቹ ተደርበው ወደ መውጫው በር ይገፋሉ፤ በሩ ይከፈታል።

ብር ሊጎድል የሚችለው በዋናነት ከቆጠራው በኋላ ነው። ያረጀ ወይም እርጥበት የነካው ኖት መውጫው ላይ ሲደርስ ይጨማደዳል፤ ከድርድሩ ጥቂቱ ይወጣና ጥቂቱ ከበሩ ኋላ ይቀራል። ማሽኑ የቀረውን መልሶ ስቦ ወደ ሌላ ሳጥን ያስገባዋል፣ አለዚያም እዚያው ተሰንቅሮ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ የማሽኑ መዝገብ "30 ኖት ተቆጠረ፣ 30 ኖት ቀረበ" ሊል ይችላል። ውሸት አይደለም፤ ቀርቧል። ደንበኛው እጅ ሁሉም መግባቱን ግን አያረጋግጥም።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸኛው የማሽኑ ሳይሆን የሰው ጥፋት ነው። ብር የሚሞላው ሠራተኛ ባለ 200 ይቀመጥበት ዘንድ በተዘጋጀው ካሴት ባለ 100 ቢሞላበት፣ ማሽኑ የኖቱን ዋጋ አያነብም፤ በየካሴቱ የተነገረውን ብቻ ያምናል። ስለዚህ 6,000 ላዘዘ ሰው 30 ኖት ባለ መቶ፣ ማለትም 3,000 ብር ይሰጠዋል። መዝገቡም ምንም ችግር የለም ይላል።

በዚህም ምክንያት ነጋዴው ብሩን ሲቆጥር ድምሩን ብቻ ሳይሆን የኖቱን ብዛት መያዝ ይኖርበታል። ነጋዴዋ የተቀበሉት 24 ኖት ባለ 200 ነው። 30 መሆን ሲገባው ስድስት ኖት ጎድሏል፤ ስለዚህ ብሩ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። 30 ኖት ሙሉ ሆኖ ድምሩ ቢጎድል ኖሮ ጥፋቱ የአሞላል ነው። በዚያን ጊዜ ከእርሳቸው በኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይጎድልበታል፤ ጠበቅ ብሎ ከኋላ ያለውን ሰው መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ሁለቱ ጉዳዮች በባንኩ ውስጥ የሚጣሩበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ አቤቱታው ላይ የኖቱን ብዛትና ዓይነት መጻፍ የአንድ ሳምንት ምልልስ ያስቀራል።

ሦስተኛው ዓይነት ጉድለት ምንም ብር ሳይወጣ ሒሳቡ ሲቀነስ ነው። ጥያቄው በመረብ ወደ ባንኩ ሄዶ ፈቃድ ያገኛል፤ ሒሳቡም ይቀነሳል። ፈቃዱ ወደ ማሽኑ ሳይመለስ መስመሩ ይቋረጣል ወይም መብራት ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በአብዛኛው ያለ አቤቱታ ይስተካከላል፤ ማሽኑ ወይም አገናኙ ሲስተም "አልተከፈለም" የሚል የመሰረዣ መልእክት ይልክና ብሩ ወደ ሒሳቡ ይመለሳል። ከፊሉ ተከፍሎ ከፊሉ ሲጎድል ግን በራሱ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ማሽኑ እንደጎደለ ላያውቅ ይችላልና።

እዚያው ቆሞ የሚደረግ

ነጋዴዋ ከማሽኑ ፊት ሳይነሱ ሊያደርጉት የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ብሩን እዚያው ይቁጠሩት፤ ማሽኑ ካሜራ ካለው ቆጠራው ይያዛል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ የተሰነቀረው ሊወጣ፣ የመሰረዣውም መልእክት በስልክ ሊደርስ ይችላል። በመውጫው በር ላይ የላላ ወይም የተለጠፈ ነገር እንዳለ ይመልከቱ። ብር አጥማጅ ሌቦች በበሩ ላይ ተመሳሳይ ሽፋን ገጥመው ብሩን ከኋላው የሚያስቀሩበት ዘዴ በብዙ ሀገር የታወቀ ነው። ማሽኑ ቆጥሮ ሲያበቃ ብሩ ጭራሽ ካልታየ ይህ ሊጠረጠር ይገባል። ሽፋን ከተገኘ ቦታውን ሳይለቁ ጥበቃውንና ባንኩን መጥራት እንጂ በስለት መፈልቀቅ አይገባም፤ ፈልቃቂው በካሜራ የሚታየው እንደ ሌባ ነው።

ከዚያ ደረሰኙ ይያዝ። ማሽኑ ወረቀት ከሌለው፣ እንደሚታወቀው ብዙ ጊዜ የለውም፣ በማሽኑ ፊት ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር፣ የቦታውን ስምና ሰዓቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። የስልክ መልእክቱ አይጠፋ። በአቤቱታ ጊዜ ከሁሉ የሚፈለገው በመልእክቱ ወይም በደረሰኙ ላይ ያለው የግብይቱ ማመሳከሪያ ቁጥር ነው።

መልሶ ማዘዝ ለምን ክፉ እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ነጋዴዋ ወዲያው 1,200 ጨምረው ቢያዙና ማሽኑ ቢከፍል፣ መዝገቡ ላይ ሁለት ወጪ ይሆናል፤ የተሰነቀረው ስድስት ኖት በሁለተኛው ክፍያ ተገፍቶ ቢወጣ ደግሞ ጉዳዩ ከናካቴው ይወሳሰባል። የዕለቱም የወጪ ጣሪያ የሚቆጥረው የተቀነሰውን 6,000 እንጂ የተቀበሉትን 4,800 አይደለም። ብር የግድ ካስፈለገ ከሌላ ማሽን ይወሰድ፤ ወይም ሸማኔው በስልክ ሒሳቡ ይተላለፍለት።

የሰዓትና የቀን ጣጣ

እጅግ ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው በማይረባ ነገር ነው፤ በሰዓትና በቀን አጻጻፍ። ነጋዴዋ የሚያውቁት "ቅዳሜ፣ ጥር 3፣ 10 ሰዓት ከ42" ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 11/01/2025፣ 16:42 ነው። ቅጹ ላይ 10:42 ብለው ቢጽፉ መዝገቡን የሚያገላብጠው ሠራተኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ42 ያለውን ይፈልግና የእርሳቸውን ካርድ ያጣዋል። "በተባለው ሰዓት ግብይት አልተገኘም" የሚለው ደብዳቤ የሚመጣው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

ሌላው ወጥመድ የሒሳብ ቀን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ገንዘብ በሒሳብ መግለጫው ላይ ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን ተመዝግቦ ሊታይ ይችላል። ከመግለጫው ላይ ቀኑን ቀድቶ "ጥር 5 ጎደለብኝ" ብሎ የጻፈ ሰው የተሳሳተ ቀን መዝገብ ያስመረምራል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ፣ ሰዓቱንም ደረሰኙ ላይ እንዳለው ማስፈር ነው የሚሻለው።

ወደ የትኛው ባንክ?

በሀገራችን ኤቲኤም የገባው በ2001 እ.ኤ.አ. ሲሆን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአዲስ አበባ ከተከላቸው ስምንት ማሽኖች ጋር ነበር። በዚያን ጊዜ "የትኛው ባንክ?" የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ካርዱም ማሽኑም የአንድ ቤት ነበሩ። ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ማሽኖቹን እርስ በርስ ካገናኘ ወዲህ ግን የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ላይ ይሠራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

ነጋዴዋ ብር የወሰዱበት ማሽን ባለቤት የእርሳቸውን ሒሳብ አያየውም፤ ስማቸውንም አያውቅም። ስለዚህ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ሠራተኛ "እኛን አይመለከትም" ሲላቸው ግማሹ እውነት ነው፤ ብር ሊመልስላቸው ሥልጣን የለውም። አቤቱታው መቅረብ ያለበት ካርዱን ለሰጣቸው ባንክ ነው። ያ ባንክ ጥያቄውን በኢትስዊች በኩል ለማሽኑ ባለቤት ያቀርባል፤ የማሽኑ ባለቤት መዝገቡንና የጥሬ ገንዘቡን ቆጠራ አይቶ ይቀበላል ወይም በማስረጃ ይመልሳል። ከተቀበለ ገንዘቡ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሒሳባቸው ላይ ይገባል።

ሆኖም ለማሽኑ ባለቤት መንገር ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ቅርንጫፉ አጠገብ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ጎራ ብሎ "ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ከዚህ ማሽን ስድስት ኖት ጎድሎብኛል፤ ስትቆጥሩ የውድቅ ኖት ሳጥኑን እዩልኝ" ማለት ወጪ የለውም። ማሽኑን የሚከፍተው እርሱ ነውና።

ካርዱም ማሽኑም የራስ ባንክ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። አካውንቱ ያለበት ቅርንጫፍ ሄዶ ቅጽ መሙላት ነው፤ በሁለት ባንክ መካከል የሚመላለስ ወረቀት የለም።

ፍርዱ የሚሰጠው በቆጠራ ነው

ባንኩ ነጋዴዋን የሚያምነው ወይም የማያምነው በመልካቸው አይደለም፤ በሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ጆርናል የሚባለው የማሽኑ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ካርድ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ኖት ሲሳብ፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የብልሽት ምልክት ሲሰጥ በሰዓቱ ይጽፋል። ሁለተኛው ማሽኑ እንደገና ሲሞላ የሚደረገው የጥሬ ገንዘብ ማመሳከሪያ ነው።

ማመሳከሪያው እንዲህ ይሠራል። በምሳሌው ማሽን ባለ 200 ካሴቱ ሲሞላ 2,000 ኖት ገብቶበታል እንበል። ሠራተኞቹ ማክሰኞ ሲከፍቱት የማሽኑ ቆጣሪ 1,410 ኖት ለደንበኞች ወጣ፣ 18 ኖት ውድቅ ሆነ፣ 572 ቀረ ይላል፤ ድምሩ 2,000 ነው። ካሴቱ በእጅ ሲቆጠር 572 ይሆናል። ውድቅና ተመላሽ ኖቶች ያሉበት ሳጥን ሲቆጠር ግን 18 ሳይሆን 24 ኖት ይገኛል። ስድስት ኖት፣ ብር 1,200፣ ባለቤት የለውም። ቅዳሜ 16:42 ላይ ደግሞ ጆርናሉ የመውጫ በር ብልሽት ጽፏል። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነጋዴዋ ተጨማሪ ክርክር አያስፈልጋቸውም።

እንዲህ ያለው ትርፍ ገንዘብ ጠያቂ ካልመጣለት በባንኩ የትርፍ ሒሳብ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ጠያቂው ሲመጣ ደግሞ ከዚያ ይከፈለዋል። እዚህ ላይ መዘግየት የሚጎዳው ሁለት ነው። የካሜራ ምስል ለዘላለም አይቀመጥም፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በላዩ ይቀረጽበታል። በአንድ የአሞላል ዙር ብዙ ሰው ጎድሎብኛል ካለና ትርፉ ለሁሉም ካልበቃ ደግሞ፣ ቀድሞ በትክክለኛ ሰዓትና ቁጥር የጻፈው ሰው አቤቱታ ይበልጥ ይጠራል። ለዚህም ነው በቀጣዩ የሥራ ቀን መጻፍ የሚሻለው።

የባንኩም ጥርጣሬ መነሻ የለውም አይባልም። ከድርድሩ መካከል ጥቂት ኖት መዝዘው ቀሪውን ማሽኑ እንዲስበው በመተው "ምንም አልሰጠኝም" የሚሉ አጭበርባሪዎች በዓለም ዙሪያ ባንኮችን አስቸግረዋል። አንዳንድ ባንኮች በዚህ ሳቢያ ማሽኑ ብር መልሶ እንዳይስብ አድርገው አስተካክለዋል፤ ደንበኛው ሳይወስደው የቀረ ብር ያን ጊዜ መውጫው ላይ ይቀርና ቀጥሎ የመጣ ሰው ይወስደዋል። ብሩ እስኪወጣ ድረስ ከማሽኑ ፊት ዞር ማለት አደጋው እዚህ ጋር ነው።

ከባንኩ የሚመጣው መልስ "ግብይቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል" የሚል ብቻ ከሆነ ነጋዴዋ በዚያ መመለስ የለባቸውም። ከላይ እንደታየው "ተሳክቷል" ማለት ማሽኑ ቀረበ ያለውን እንጂ ደንበኛው የያዘውን አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚያ የአሞላል ዙር የማሽኑ ጥሬ ገንዘብ ሲመሳከር ትርፍ ነበረ ወይስ አልነበረም፤ የውድቅ ኖት ሳጥኑስ በእጅ ተቆጥሯል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ትርፍ ካልነበረ፣ ጆርናሉም ብልሽት ካላሳየ፣ አቤቱታው አይሠምርም፤ ይህንንም ማወቅ ይጠቅማል። መልስ ከተነፈገ ግን በባንኩ የቅሬታ ክፍል በኩል ማለፍ፣ በዚያም ካልተፈታ ለብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይቻላል። የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 ባንኮች የደንበኛን ቅሬታ የሚቀበሉበትና የሚፈቱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው አቤቱታ ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ካልያዘ ከመነሻው ይጀምራል። ስለዚህ ቅጹ ሲሞላ "ተቀብለናል" የሚል ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳይዙ ከመስኮቱ አይነሱም።

መዝገቡ ሁለቱንም ወገን እንደሚይዝ ያሳየው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነው። በመጋቢት 6 ሌሊት ለ7 አጥቢያ በሲስተሙ ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲወስዱና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት ገለጸ። ገንዘቡን የወሰዱት ሰዎች ግን ስማቸው በመዝገቡ ነበር፤ ባንኩ አንድ በአንድ ጠርቶ አስመለሰ፣ ያልመለሱትንም ስም ይፋ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ማሽን ትርፍ የሰጠውም ሰው እንዲሁ ነው፤ ባለ 200 በባለ 100 ካሴት ተሞልቶ እጥፍ የተከፈለው ደንበኛ ከጥቂት ቀን በኋላ ስልክ ይደወልለታል።

ካርድ ሲዋጥ

የካርድ ነገር ከገንዘቡ ቀለል ይላል፤ የሚያሰጋው ግን ይበልጣል። የጎደለ ብር መጠኑ የታወቀ ነው፤ ሌላ ሰው እጅ የገባ ካርድ ግን ሒሳቡን ሁሉ ያሰጋል።

ማሽን ካርድ የሚይዝበት ምክንያት ጥቂት ነው። የሚስጥር ቁጥር በተደጋጋሚ ሲሳሳት፣ ካርዱ ጠፍቷል ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ ጊዜው ሲያልፍበት፣ ወይም ካርዱ ተመልሶ ከወጣ በኋላ ደንበኛው ሳይወስደው ሲቆይ መልሶ ይስበዋል። የመጨረሻው በገበያ ቀን ብዙ ይደርሳል፤ ሰው ብሩን ሲቆጥር ካርዱን ይረሳል። መብራት ሲሄድም እንዲሁ ነው። ካርዱ በውስጥ እያለ ማሽኑ ከጠፋ፣ መብራቱ ተመልሶ ሲነሣ ካርዱን ወደ ሳጥኑ ሊያስገባው ይችላል።

ማሽኑ በራሱ የያዘው ካርድ ምልክት አለው። ስክሪኑ ካርዱ መያዙን ይገልጻል፤ ወረቀት ካለው ያትማል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ደንበኛ ዝግጁ ይሆናል። ምንም ሳይል ካርዱ ገብቶ ከቀረና ስክሪኑ ከተንጠለጠለ ግን፣ ካርዱ ተሰንቅሯል ወይም ሌላ ሰው በካርድ መግቢያው ላይ ወጥመድ ገጥሟል። የወጥመዱ ዋና መሣሪያ ክሩ ወይም ላስቲኩ አይደለም፤ በአጠገብ የሚቆመው ደግ ሰው ነው። "እኔም ትናንት እንዲህ ሆኜ ነበር፤ የሚስጥር ቁጥርህን ደግመህ ንካው፣ ይወጣል" ይላል። ቁጥሩን በዓይኑ ይይዛል፤ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ካርዱን ከነወጥመዱ ያወጣዋል። የሚስጥር ቁጥርን ደግሞ መንካት የተዋጠ ካርድ አያስወጣም። በየትኛውም ማሽን አያስወጣም።

ስለዚህ ካርድ ሲዋጥ ቅደም ተከተሉ ከብሩ ይለያል። አስቀድሞ፣ ከማሽኑ ፊት ሳይነሱ፣ ካርዱን ማሳገድ ነው። የባንኩ ሞባይል መተግበሪያ ካርድ የማገጃ ምርጫ ካለው በዚያ፣ ከሌለው በደንበኞች የስልክ መስመር፤ የንግድ ባንክ ለምሳሌ 951 ነው። ቁጥሩ በካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ግን አሁን በማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ስልክ ላይ ቀድሞ ያልመዘገበ ሰው በዚህ ደቂቃ ይቸገራል፤ ማሽኑ ላይ ወይም ደጅ ላይ የተለጠፈ እንግዳ ስልክ ቁጥር ላይ መደወል ደግሞ ለሌባው ራሱ መደወል ሊሆን ይችላል።

ካርዱን መልሶ የማግኘቱ ጉዳይ እንደ ማሽኑ ባለቤት ነው። የራስ ባንክ ማሽን፣ በተለይም ቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ያለው ከሆነ፣ ሠራተኞቹ ማሽኑን ሲከፍቱ ካርዱን ያወጡታል፤ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። ማሽኑ በየሰዓቱ አይከፈትም፤ ሁለት ሰው ቁልፍና ቁጥር ይዞ ነው የሚከፈተው፤ "አሁኑኑ ክፈቱልኝ" ማለት ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። የሌላ ባንክ ማሽን ከሆነ ግን ባለቤቱ የማያውቀውን ሰው ካርድ በእጁ የማስረከብ ግዴታ አይሰማውም፤ ለሰጠው ባንክ ይልካል ወይም ያስወግደዋል። ጊዜ የሌለው ነጋዴ አሮጌውን ከመከታተል አዲስ እንዲታተምለት ቢጠይቅ ይቀለዋል። እስከዚያው ድረስ ደብተሩንና መታወቂያውን ይዞ መስኮት መሄድ ወይም በስልክ ማስተላለፍ ይቻላል፤ የታገደው ካርዱ እንጂ ሒሳቡ አይደለም።

ካርድ ተይዞ ገንዘብም ተቀንሶ ከሆነ ሁለቱ በአንድ ቅጽ አይጨመቁ። የካርዱ ጥያቄ ለካርድ ክፍሉ፣ የገንዘቡ ለአቤቱታ ክፍሉ ነው የሚሄደው፤ በአንድ ወረቀት የተጻፈ ከሆነ አንዱ ሲፈታ ፋይሉ ተዘግቶ ሌላው እዚያው ይቀራል።

ወደ ነጋዴዋ እንመለስ። ገንዘቡ ሲመለስ በስልክ የሚደርሰው መልእክት ብር 1,200 ገቢ መሆኑን ይናገራል፤ በመግለጫው ላይ የሚታየው ግን በተመለሰበት ቀን እንጂ በቅዳሜው ቀን አይደለም። ብዙ ነጋዴ ይህንን ከደንበኛ የገባ ክፍያ አድርጎ በደብተሩ ላይ ይመዘግብና የሽያጭ ሒሳቡን ያዛባል። ከቅጹ ቅጂ ጋር አመሳክሮ የቅዳሜው ወጪ ማስተካከያ ተብሎ መጻፍ አለበት። የአገልግሎት ክፍያውም የተቆረጠው በ6,000 ልክ ተሰልቶ ከነበረ፣ ልዩነቱ አብሮ መመለሱን መጠየቅ መብታቸው ነው።